ካርታ ስንጫወት አልነበረም፦ የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለ ክበባችን አንድ ወሬ ነበር። «ልጆቹ ካርታ ይጫወታሉ» የሚል። ካርዶቹስ እውነት ናቸው። ከካርቶን ቆርጠን፣ በማርከር ቁጥር ጽፈን የሠራናቸው ናቸው። የሚሠራባቸው ግን ባይነሪ ሰርች የሚባል የፍለጋ ዘዴ ነው። ለምን በካርቶን ለሚል ሰው፣ የኮምፒውተር ክፍሉን በር ከፍቶ ማየት ይበቃል። የሚሠሩት ማሽኖች ከአባሎቻችን ቁጥር እጅግ ያንሳሉ። መብራቱም የክበብ ሰዓታችንን የሚያውቅ ይመስል ያኔ ይጠፋል።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በምርጫ፣ በደንብ ማጽደቅና በኪቦርድ ልምምድ አለፈ። ስለሱ ብዙ የምለው የለም።

ወደ ካርዶቹ ልመለስ። አሥራ አምስት ናቸው። ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረደሩና በግንባራቸው ይደፋሉ፦ 4፣ 9፣ 13፣ 18፣ 22፣ 27፣ 31፣ 36፣ 42፣ 47፣ 53፣ 58፣ 64፣ 71፣ 80። ፈላጊው በሁለቱ ጫፍ አንዳንድ ቆርኪ ያስቀምጣል። ቁጥሩ ካለ በሁለቱ ቆርኪዎች መካከል ነው ማለት ነው። 53ን እንፈልግ። መሃሉን ስንገልጥ 36 ነው። 53 ይበልጣል። ስለዚህ ግራውን ቆርኪ ከ36 ቀጥሎ ወዳለው ካርድ እናሻግረዋለን። የቀሩት ሰባት ናቸው፤ መሃላቸው 58። አሁን ቀኝ ቆርኪው ከ58 በፊት ወዳለው ይመጣል። ከቀሩት ሦስቱ መሃል 47 አለ። በመጨረሻም 53። በአራት መግለጥ አለቀ። ከአሥራ አምስት ካርድ የትኛውም ቢፈለግ ከአራት አይበልጥም። ቁጥሩ ከሌለም አይበልጥም። 50ን ብንፈልግ የምንገልጣቸው እነዚያው አራቱ ናቸው፤ ከዚያ ቀኝ ቆርኪው ከግራው አልፎ ይሄዳል። ቆርኪዎቹ ከተላለፉ «የለም» ነው መልሱ።

በእጅ መሥራታችን የጠቀመን አንድ ቦታ አለ። አንዳንድ ልጆች ቆርኪውን ከመሃሉ ካርድ ቀጥሎ ሳይሆን እዚያው መሃሉ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። 80ን ሲፈልጉ ግን ጉዱ ይወጣል። ግራ ቆርኪው 71 ላይ፣ ቀኙ 80 ላይ ይደርሳል። የሁለት ካርዶች መሃል ሲሰላ ወደ ታች ስለሚጠጋ 71 ይሆናል። 71 ይገለጣል፤ ያንሳል፤ ቆርኪው እዚያው 71 ላይ ይቀመጣል። እንደገና 71። ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ ተማሪውም ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ይጠራኛል። ካርዱ ላይ ግን ልጁ ራሱ «እንዴ፣ ይቺን አሁን ገልጫት የለ!» ይላል።

የዓመቱን ትልቅ ነገር ያየሁት በወላጆች በዓል ነው። ካርዶቹን ለእንግዳ እንድታሳይ የመደብኳት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በስብሰባ ላይ ድምጿ እምብዛም አይሰማም። አንድ አባት ትንሽ ቆመው አዩና «ልጄ፣ መደርደሩ ለምን አስፈለገ? እንደተገኘ አይፈለግም?» አሏት።

እኔ ያዘጋጀሁላት መልስ ካርዶቹን ሁሉ በውዘሽ አሳዪ የሚል ነበር። እሷ ተወችው። ካርዶቹን ገልብጣ አሳየቻቸውና «ጋሼ፣ 13ን እና 58ን ብቻ ያቀያይሯቸው» አለች። አቀያየሩ። መልሳ ደፋቻቸው። «አሁን 53ን ፈልጊ ይበሉኝ።»

36ን ገለጠች፤ ወደ ቀኝ ሄደች። በ58 ቦታ 13 ወጣ። 13 ከ53 ያንሳል፤ አሁንም ወደ ቀኝ። 71 ወጣ፣ ከዚያ 64። ቆርኪዎቹ ተላለፉ። «የለም» አለች።

አባትየው እጃቸውን ሰደው ካርዱን ገለጡት። «ይኸው 53!»

«አዎ ጋሼ። 53 ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። 13 ናት ያሳሳተችኝ። 36ን ስገልጥ በግራ ያሉትን ሁሉ ሳላያቸው ነው የጣልኳቸው። እንድጥላቸው የፈቀደልኝ ድርድሩ ነው። እሱ ከዋሸ እኔም እዋሻለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ከእኔ ምሳሌ የእሷ ይሻላል። ካርዱ ሁሉ ቢዘበራረቅ ሰው «ድሮስ ምን ይገኛል» ብሎ ያልፋል። እሷ ግን በትክክለኛ ቦታው የተቀመጠ ቁጥር በሌላው ጥፋት ሊጠፋ እንደሚችል አሳየች። አባትየው አልለቀቋትም፦ «ታዲያ ተሳስቻለሁ ለምን አላልሽም?» ድርድሩ መበላሸቱን ዘዴው አያውቅም አለቻቸው። በዚያው በተበላሸው ድርድር 36ን ብትፈልግ ወዲያው ታገኛለች፤ ሰውም ደህና ነው ይላል። ለማጣራት ጎረቤታም ካርዶችን ሁሉ ማመሳከር አለባት። ያ አሥራ አራት ንጽጽር ነው። በየፍለጋው ይህን ካደረገች ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ብትገልጥ ይቀላታል። ለዚህ ነው አንዴ ደርድሮ ብዙ ጊዜ መፈለግ የሚያዋጣው። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚፈልግ ሰው መደርደሩ ራሱ ትርፍ ድካም ነው።

ከበዓሉ በኋላ ልጆቹ ያንኑ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጻፉት። ቆርኪዎቹ `lo` እና `hi` ሆኑ፦

```python
def search(a, x):
    lo, hi = 0, len(a) - 1
    while lo <= hi:
        mid = (lo + hi) // 2
        if a[mid] == x:
            return mid
        if a[mid] < x:
            lo = mid + 1
        else:
            hi = mid - 1
    return -1
```

ይህን ይዘን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድን። የአንባቢዎችን ስም ዝርዝር አባሎቻችን በፊደል ተራ በጥንቃቄ ተይበውት ነበር። ፕሮግራሙ ብዙዎቹን ስሞች አገኘ። «ኃይሉ» ሲባል ግን `-1` መለሰ፤ «የለም» ማለቱ ነው። ስሙ ዓይናችን ሥር አለ! ልጆቹ እንደ ሰው ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ ላይ ነበር የደረደሩት፤ ድምፃቸው አንድ ነውና። ኮምፒውተሩ ፊደል የሚያነጻጽረው ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል በሰጠው ቁጥር ነው። በዚያ ተራ ሀ መጀመሪያ ላይ ሲሆን ኀ የሚመጣው ከቸ በኋላ፣ ከነ በፊት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ «ኃይሉ»ን ፍለጋ ወደ ዝርዝሩ መሃል ነጎደ፤ ስሙ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ዝርዝሩ ተደርድሯል፤ ግን በአንድ ሕግ ተደርድሮ በሌላ ሕግ ይፈለጋል። ለዘዴው ያው ያልተደረደረ ማለት ነው።

`sorted()` ብሎ ለኮምፒውተሩ እንዲደረድር መስጠት ይቻል ነበር። ግን አንዱ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ እየለወጥን ለመደርደር ወሰንን። የሚፈለገውም ስም እንዲሁ ተለውጦ ይገባል፤ አለበለዚያ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ሥራው ግማሽ ላይ ቆሟል። ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ፣ ዐ እና አ ገና ናቸው፤ የተየብንበት ማሽንም ፈተና ሳምንት ላይ አረፈ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ባትሪው የሚይዝ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃናል። ቤቱ አቧራ የጠጣ ካለው ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ለክበቡ ቢያመጣው በመስከረም እንቀጥላለን። ካርቶን በቂ አለን።