ግልጽ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት፦ የ600 ቤቶች ዳሰሳ እንደ 156 ቤቶች እንዳይሆን

ጉዳዩ፦ ለቤት ለቤት የጤና ዳሰሳ የቀረበውን የናሙና አወሳሰድ ይመለከታል

ጽሕፈት ቤቱ በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኘው የጋራ መኖሪያ ሳይታችንና በአጠገቡ ባለው መንደር ለሚያካሂደው የጤና ዳሰሳ ያዘጋጀውን ረቂቅ ዕቅድ ለነዋሪው አስተያየት ክፍት በማድረጉ ከልብ አመሰግናለሁ። የጤና ስታትስቲክስ መምህርና የሳይቱ ነዋሪ እንደመሆኔ ረቂቁን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። በሳይቱ 600 ብሎኮች አሉ፤ እያንዳንዱ ብሎክ በምድር ቤቱና በአራቱ ፎቆቹ አራት አራት ቤት፣ በድምሩ 20 ቤት ይዟል፤ ስለዚህ ቤቶቹ 12,000 ናቸው። ረቂቁ ከእነዚህ 600 ቤቶችን ለመጠየቅ ያሰበ ሲሆን፣ ለአመራረጡ ሁለት አማራጮች አቅርቧል። አንደኛው 30 ብሎኮችን በዕጣ አውጥቶ በየብሎኩ ያሉትን ቤቶች በሙሉ መጠየቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ የቤቶቹን መዝገብ ይዞ በየሃያው አንድ ቤት መውሰድ ነው። ሁለቱም አሁን ባሉበት መልክ እንዳይተገበሩ የምጠይቅበትን ምክንያት ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

በመጀመሪያው አማራጭ ልጀምር። የረቂቁ ስሌት፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ የያዘው ሰው ያለባቸው ቤቶች 20 በመቶ ቢሆኑ፣ ውጤቱ ወደላይም ወደታችም ከ3.2 በመቶ ነጥብ የማይበልጥ የስህተት ወሰን እንደሚኖረው ይገልጻል። ይህ ስሌት ትክክል የሚሆነው 600ዎቹ ቤቶች ከ12,000ዎቹ መካከል አንድ በአንድ፣ በቀላል የዕጣ ናሙና የወጡ እንደሆነ ብቻ ነው። የአንድ ብሎክ ቤቶች ግን ውኃ የሚያገኙት ከአንድ መስመር ነው፤ ውኃው በፈረቃ ሲቋረጥ አብረው ያጣሉ፤ የፍሳሽ ጉድጓዱ ሲሞላም ሁሉንም ይነካል። በመሆኑም በአንድ ብሎክ ውስጥ አምስት ቤቶችን የጠየቀ ሰው፣ ከስድስተኛው ቤት የሚያገኘው አዲስ መረጃ ጥቂት ነው፤ ከሃያኛው የሚያገኘው ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ይህ መረጃን የመቀነስ ውጤት ዲዛይን ኢፌክት በሚባለው ቁጥር ይለካል። እንደ ብሎክ ያሉት፣ ክላስተር የሚባሉት የቤቶች ስብስቦች እኩል ሲሆኑ ቁጥሩ በግምት እንዲህ ይገኛል፦

1 + (m − 1) × ρ

እዚህ ላይ m ከአንድ ክላስተር የሚጠየቁት ቤቶች ብዛት ሲሆን፣ ρ ደግሞ የአንድ ክላስተር ቤቶች እርስ በርስ የሚመሳሰሉበት መጠን ነው። ከውኃና ከንጽሕና ጋር ለተያያዘ በሽታ ρ ለምሳሌ 0.15 ነው ብንል፣ 20 ቤት ሲጠየቅ ዲዛይን ኢፌክቱ 1 + 19 × 0.15፣ ማለትም 3.85 ይሆናል። 600 ለ3.85 ሲካፈል ወደ 156 ይመጣል፤ ይህም 600 ቤት አንኳኩቶ በቀላል ዕጣ የወጡ 156 ቤቶች የሚሰጡትን ያህል ብቻ ማወቅ ማለት ነው። የስህተት ወሰኑም 3.2 መሆኑ ይቀርና ወደ 6.3 በመቶ ነጥብ ያድጋል። ይህ በወረቀት ላይ አለመታየቱ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ተንታኙ ክላስተሩን ችላ ብሎ ካሰላ ኮምፒውተሩ አሁንም 3.2 ብሎ ይሰጠዋልና፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚታይ የአራት ነጥብ ለውጥ እውነተኛ መሻሻል ተደርጎ ሊዘገብ ይችላል።

30 ክላስተር የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ሽፋንን ለመለካት በሰፊው ያሠራጨው ዘዴ 30 ክላስተሮችን ይወስድ ነበር፤ ሆኖም ከእያንዳንዱ የሚጠየቁት ሰባት ሕፃናት ብቻ ነበሩ፤ ዲዛይን ኢፌክቱም ሁለት እንደሚሆን አስቀድሞ ታስቦ፣ የሚፈለገውም የአሥር ነጥብ ወሰን ብቻ ነበር። 30ውን ወስዶ ሰባቱን በ20 መተካት የዚያን ዘዴ መሠረት ያፈርሰዋል።

መፍትሔው ተጨማሪ ቤት መጠየቅ ሳይሆን ያንኑ 600 ቤት በብዙ ብሎኮች ላይ መበተን ነው። 100 ብሎኮች በዕጣ ወጥተው ከእያንዳንዱ ስድስት ቤት ቢጠየቅ፣ በዚያው ρ ዲዛይን ኢፌክቱ 1.75 ይሆናል፤ ናሙናው የ343 ቤቶች ያህል ዋጋ ይኖረዋል፤ ወሰኑም ወደ 4.2 ይጠብባል። ብዙ ክላስተር መውሰድ የትራንስፖርት ወጪ እንደሚያበዛ አውቃለሁ፤ ተራርቀው በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎችም ይህ ክርክር ሚዛን ይደፋል። በእኛ ሳይት ግን ከብሎክ ወደ ብሎክ የሚኬደው በእግር ነው፤ ስለዚህ ቤቶቹን በ30 ብሎክ በማጨቅ የሚቆጠበው ገንዘብ ለሚጠፋው መረጃ የሚመጥን አይደለም።

ሁለተኛው አማራጭ፣ ማለትም ሲስተማቲክ ናሙናው፣ በመሠረቱ መልካም ዘዴ ነው። ችግሩ የዝላዩ መጠንና የብሎኩ ቤቶች ቁጥር እኩል፣ ማለትም 20 መሆናቸው ነው። መዝገቡ በብሎክና በቤት ቁጥር ቅደም ተከተል የተሰደረ በመሆኑ፣ የመነሻው ዕጣ 18 ቢወጣ የሚጠየቁት 600ዎቹ ቤቶች በሙሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ሁለተኛ ቤቶች ይሆናሉ፤ ዕጣው 2 ቢሆን ደግሞ ሁሉም ምድር ቤት ይሆናሉ። የውኃው ግፊት ሲደክም አራተኛ ፎቅ ያለው ነዋሪ በጀሪካን እየቀዳ ደረጃ ይወጣል፣ ውኃውንም ለቀናት ያጠራቅማል፤ ምድር ቤት ያለው ግን ከቧንቧው ያገኛል። ስለዚህ የተቅማጡ ቁጥር ሊወሰን የሚችለው በነዋሪው ጤና ሳይሆን በመጀመሪያው ዕጣ ነው። ይህ ስህተት ከዝላዩ የሚመጣ በመሆኑ ዝላዩ ከብሎኩ ጋር እስከገጠመ ድረስ ብሎኮችን በማብዛት አይታረምም። ዝላዩን 19 ማድረግ ግን ይበቃል፦ ከመጀመሪያው ብሎክ 18ኛው፣ ከሁለተኛው 17ኛው፣ ከሦስተኛው 16ኛው እያለ በሁሉም ፎቆች ይዞራል፤ የሚጨምረውም 30 ያህል ቤት ነው።

የሳይቱ መዝገብ በአጠገባችን ያሉትን የቀድሞ የገበሬ ቤቶችና ካርታ ሳይኖራቸው የተሠሩትን ቤቶች አይጨምርም፤ ከመዝገብ የሌለ ቤት ደግሞ በየትኛውም ዕጣ አይወጣም። መንደሩ ራሱን የቻለ መደብ ሆኖ፣ ከዳሰሳው በፊት ቤቶቹ በካርታ ላይ ተመዝግበው፣ ናሙናው በየመደቡ ለየብቻ ቢወጣ ለመንደሩም የተለየ ውጤት ይገኛል። ከመንደሩ ከድርሻው በላይ ቤት ከተወሰደ ግን የጋራው ውጤት የየመደቡን ክብደት ተከትሎ መሰላት አለበት።

በመጨረሻም ውሂቡ ሲመዘገብ የብሎክ ቁጥሩ ከየቤቱ መልስ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። የ0.15 ግምቴ ለሳይታችን ልክ መሆኑ የሚረጋገጠው በዚህ ብቻ ነው። በአንድ ብሎክ ቤቶች መካከል መመሳሰል ባይኖር ኖሮ፣ በየብሎኩ 20 ቤት ተጠይቆ የሚገኘው የተቅማጥ መጠን ከ20 በመቶው ዙሪያ የሚኖረው መደበኛ መለያየት ዘጠኝ ነጥብ ገደማ ነው። መለያየቱ 17.5 ሆኖ ከተገኘ የሁለቱ ውድር በራሱ ሲባዛ 3.8 ይደርሳል፤ ዲዛይን ኢፌክቱም ያው ነው። ቁጥሩ ለየጥያቄው ስለሚለያይ፣ ለምሳሌ የደም ግፊት በብሎክ ብዙም ላይመሳሰል ስለሚችል፣ በዘገባው ሰንጠረዥ ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን የስህተት ወሰኑና ዲዛይን ኢፌክቱ እንዲጻፍ በአክብሮት አሳስባለሁ። ብሎኮቹንና ቤቶቹን በዕጣ በማውጣቱ ሥራ ጽሕፈት ቤቱ ከፈቀደ ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሳይቱ ነዋሪና የጤና ስታትስቲክስ መምህር