በርካሽ ስልክ ላይ የተሰጠው ፍርድ ይታረምልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ መተግበሪያዎች መንቀራፈፍ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ብዙውን በዝምታ ማለፍ ይቻል ነበር። የስክሪን መንተፋተፍ፣ የሚሞሪ መሙላትና የባትሪ ቶሎ ማለቅ «የርካሽ ስልኮች ባሕርይ» መሆናቸውን፣ መፍትሔውም ሚሞሪ የሚያጸዳ መተግበሪያ መጫን ወይም የተሻለ ስልክ መግዛት እንደሆነ የሚነግረንን አንቀጽ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ከደመወዙ ለአዲስ ስልክ የሚተርፈው አንባቢ ምክሩን በደስታ እንደሚቀበል አልጠራጠርም። ዘጋቢያችሁ የስልክ ነጋዴዎችን ሳይቀር ሲያነጋግር፣ መተግበሪያ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት እነዚህኑ ሦስት ችግሮች ስንፈልግ የምንውለውን ፈታሾች ግን አንዳችንንም አልጠየቀም።

ጠይቆን ቢሆን ኖሮ፣ ሦስቱም ከአንድ የተረሳ የኮድ መስመር ሊመነጩ እንደሚችሉ እናሳየው ነበር። በቅርብ ያለውን ቅርንጫፍ በካርታ የሚያሳይ የአንድሮይድ መተግበሪያ እናስብ። ገጹ ሲከፈት ስልኩ ያለበትን ቦታ በየሰከንዱ እንዲነግረው አድማጭ የሚባል የኮድ ክፍል ያስመዘግባል፤ ሲዘጋ ደግሞ ምዝገባውን በሚከተለው መስመር መሰረዝ አለበት።

```
locationManager.removeUpdates(listener)
```

ይህ ከተረሳ ሲስተሙ አድማጩን፣ አድማጩ የተዘጋውን ገጽ፣ ገጹም የካርታውን ምስል እንደያዙ ይቀራሉ። 1080 በ2400 ነጥብ የሆነ ምስል በአንድ ነጥብ 4 ባይት ሲሰላ ወደ 10 ሜጋባይት ይጠጋል፤ ተጠቃሚው ገጹን አሥር ጊዜ ከፍቶ ከዘጋው፣ ማንም የማያያቸው ምስሎች ብቻ ወደ 100 ሜጋባይት ይይዛሉ ማለት ነው። አዲስ የቦታ መረጃ በመጣ ቁጥር ደግሞ የተዘጉት ገጾች ሁሉ የቅርንጫፎቹን ርቀት ስክሪኑንም በሚያዘጋጀው ዋናው የሥራ መስመር፣ ማለትም በዋናው ትሬድ ላይ እንደገና ያሰላሉ። የአንዱ ስሌት 4 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ አሁን ከተከፈተው ጋር የአሥራ አንዱ 44 ይሆናል። በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን አንድ ፍሬም መድረስ ያለበት ግን በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ ነው፤ ስክሪኑ የሚንተፋተፈው ለዚህ ነው። ጂፒኤሱም መተግበሪያው በሌላ ገጽ ላይ ክፍት ሆኖ ሳለ እንኳ ሳያርፍ ባትሪውን ይበላል። ፈጣን ስልክ ይህን ሁሉ ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያስቀረውም።

ይህን ማግኘት ጥንቆላ አይጠይቅም። ገጹን አሥር ጊዜ ከፍቶ ከዘጉ በኋላ ወደ መነሻው ገጽ ተመልሶ፣ በአንድሮይድ ስቱዲዮ ፕሮፋይለር የማያስፈልግ ሚሞሪን የሚያስለቅቀውን ጋርቤጅ ኮሌክተር ማስነሳትና ስልኩ ከተገናኘበት ኮምፒዩተር እነዚህን ሁለት ትእዛዞች መስጠት ይበቃል።

```
adb shell dumpsys meminfo com.example.app
adb shell dumpsys location
```

በመጀመሪያው ውጤት `Activities` የሚለው ቁጥር 1 መሆን ሲገባው 11 ከሆነ፣ የተዘጉት ገጾች አልተለቀቁም። ሁለተኛው ጂፒኤሱን አሁንም የሚጠይቀው የትኛው መተግበሪያ እንደሆነ ያሳያል። ማን ማንን እንደያዘ በሰንሰለት ለማየት ደግሞ ሊክ ካናሪ የተባለው ነፃ መሣሪያ አለ። እርግጥ ሁለት ወጥመዶች አሉ፦ ለስህተት ፍለጋ የሚዘጋጀው የዲበግ ቅጂ ለሕዝብ ከሚለቀቀው ቅጂ ስለሚዘገይ ፍጥነትን በእሱ መመዘን ያሳስታል፤ ስልኩ በኬብል እንደተሰካ የባትሪ ፍጆታ መለካትም ዋጋ የለውም፣ ስልኩ ቻርጅ እየተደረገ እንደሆነ ስለሚቆጥር። ኬብሉን ነቅሎ በዋይፋይ መገናኘት ይሻላል።

ቀድሞ በሠራሁበት ድርጅት ለዚህ ፍተሻ አንድ ርካሽ ስልክ እንዲገዛልን ብጠይቅ «ደንበኛው ይፈትሽልናል» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ደንበኛውም ፈተሸልን፤ ያለ ደመወዝ፣ በገዛ ባትሪው። ዛሬ ደግሞ ጋዜጣችሁ ያንኑ ደንበኛ «ስልክህ ነው ጥፋተኛው» ሲለው፣ ያኔ የመለሱልኝ ኃላፊ ቡናቸውን በሰላም እንደሚጠጡ ይታየኛል።

ስለ ማጽጃ መተግበሪያው የተጻፈው በተለይ መታረም አለበት። ማጽጃው ችግር ያለበትን መተግበሪያ ሲዘጋ ሳይለቀቅ የቀረው፣ በእኛ አነጋገር የፈሰሰው፣ ሚሞሪ አብሮ ስለሚለቀቅ የሠራ ይመስላል፤ ተጠቃሚው መልሶ ሲከፍተው ግን ፍሳሹ ከዜሮ ይጀምራል። አብረው የተዘጉት ጤነኛ መተግበሪያዎችም ሲከፈቱ እንደ አዲስ መነሳት ስላለባቸው ተጨማሪ ባትሪ ያስወጣሉ። እርማቱ ሲወጣ ዘጋቢያችሁ የሚንቀራፈፈውን መተግበሪያ ባለቤቶች በድጋሚ የሚያነጋግር ከሆነ፣ ከመልቀቃቸው በፊት በየትኛው ስልክና በየትኛው ቅጂ እንደለኩት ይጠይቅልን።

የመተግበሪያ ጥራት ፈታሽ
ከአዲስ አበባ