ቤቱን ከመግዛትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ትናንት ማታ ስለ ሰሚቱ ኮንዶሚኒየም ስታወሪልኝ ፊትሽ በርቶ ስለነበር ብዙም አልተናገርኩሽም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ ወረቀት ላይ ሂሳብ ሠራሁ።

ያለሽ 6 ሚሊዮን ብር ነው። የቤቱ ዋጋ 5 ሚሊዮን ነው አልሽኝ። ግን በ5 ሚሊዮን እጅሽ አይገባም። ለስም ማዛወሪያ 4 በመቶ፣ ለቴምብር 2 በመቶ ይከፈላል። መንግሥት ለቤቱ የሚያወጣው ግምት ከዋጋው ጋር እኩል ከመጣ 300,000 ብር ነው። ለደላላው 2 በመቶ ከሰጠሽ ሌላ 100,000 ይሄዳል። ቁልፉን ስትረከቢ 5.4 ሚሊዮን ወጥቷል ማለት ነው።

ኪራዩ በወር 25,000 ቢሆን የዓመቱ 300,000 ነው። ተከራይ ሲወጣና ሲገባ አንድ ወር ባዶ ይቀራል እንበል። ለቀለም፣ ለቧንቧና ለጋራ መዋጮ 25,000፣ ለኪራይ ግብር 30,000 ብትይዢ የሚተርፍሽ 220,000 ነው። ካወጣሽው ብር 4 በመቶ ገደማ። ደግሞ ኪራዩን እንደፈለግሽ አትጨምሪም፤ በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ጭማሪውን በየዓመቱ በሚወሰን ልክ አስሮታል።

«ብር ይረክሳል፣ ቤት ግን ይጨምራል» አልሽኝ። ልክ ነሽ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ብር ምን እንደሆነ ሁለታችንም አይተናል። ባንክ የተቀመጠ ብር በ7 በመቶ ወለድ ያንን አይቋቋምም። ግን ጭማሪውንም አስቢው። ቤቱ 6 ሚሊዮን ቢገባና ብትሸጪው ደላላው 120,000 ይወስዳል፤ በትርፉ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ግብር አለ። ለስም ማዛወሪያ፣ ለቴምብርና ለደላላ ያወጣሽው ሳይቀነስልሽ ከታሰበ ግብሩ 150,000 ነው። እጅሽ የሚገባው 5.73 ሚሊዮን ነው። ሰው «አንድ ሚሊዮን አተረፈች» ይላል፤ አንቺ ከ5.4 ሚሊዮኑ በላይ ያገኘሽው 330,000 ነው።

አባትሽ የታመመ ጊዜ አንቺ ትንሽ ነበርሽ። የአያትሽን ቤት ለመሸጥ ወሰንን። ደላላው በየቅዳሜው ሰው ይዞ ይመጣ ነበር። ገዢዎቹ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩተው፣ ኩሽናውን አይተው፣ «እንደውልላችኋለን» ብለው ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ቡና አፍልቼ እሸኛለሁ። አንዱ ገዢ ሲገኝ ካርታው በአያትሽ ስም ነውና የውርስ ጉዳይ ይለቅ ተባለ። ሰባት ወር ፈጀ። መጨረሻ ላይ የሸጥነው ከጠየቅነው በአንድ አራተኛ ዝቅ ብለን ነው። ዋጋው የወረደው ቤቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እንደቸኮልን ገዢው ስላወቀ ነው።

ስለዚህ ብርሽ ውስጥ ቶሎ የሚነካ ነገር ይኑር። የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ለመንግሥት ብር የምታበድሪበት ነው፤ ከ28 ቀን እስከ 364 ቀን ባለው ጊዜ ይመለሳል። አክሲዮን በትንሽ በትንሹ ይገዛል፣ ይሸጣልም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ድርሻ ሲሸጥ ትንሹ መጠን 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ቤትን ግን ለሆስፒታል 60,000 ስለጎደለሽ ቆርሰሽ አትሸጪውም። ይህን ስል አክሲዮን እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው ማለቴ አይደለም። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው የተከፈተው በጥር 2017 ነው፤ ገና ለጋ ነው። በፈለግሽ ቀን ገዢ ላታገኚ ትችያለሽ። ዋጋውም ይወርዳል።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። አንቺ የምትሠሪው ኮንስትራክሽን ላይ ነው። እኔና አባትሽ የምናወርስሽም እዚሁ አዲስ አበባ ያለ ቤት ነው። አሁን ደግሞ 5.4 ሚሊዮንሽን አንድ ብሎክ ላይ ልታስቀምጪ ነው። ግንባታ ሲቀዘቅዝ ደሞዝሽም፣ ኪራይሽም፣ የቤቱ ዋጋም በአንድ ቀን ይጎዳሉ። አንድ ሰፈር ምን ሊሆን እንደሚችል ደግሞ ፒያሳንና ካዛንቺስን አይተሻል።

ልትኖሪበት ቢሆን ይህን ሁሉ አልጽፍልሽም ነበር፤ የራስ ጣራ ሌላ ነገር ነው። ለማከራየት ከሆነ ግን የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ስቱዲዮ ፈልጊ፣ ወጪውን ጨምሮ ከ3 ሚሊዮን አትለፊ። አንድ ሚሊዮን በግምጃ ቤት ሰነድ፣ አንድ ሚሊዮን ባንክ፣ የቀረውን ከአንድ በላይ በሆኑ ድርጅቶች አክሲዮን አድርጊው።

የትኛውንም ብትመርጪ ቀብድ አትክፈዪ። መጀመሪያ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ ይጣራ። ሻጩ ዕጣ የደረሰው ከሆነ አምስት ዓመት ሞልቶታል ወይ? ካልሞላ መሸጥ አይችልም፤ «በውክልና እንጨርሳለን» ካለሽ ተነስተሽ ሂጂ። ቅዳሜ የካርታውን ኮፒ ይዘሽ ነይ፣ አብረን እናየዋለን።

እናትሽ