ዕዳው ወዲያው ሰማ፣ ቁጠባው ግን አልሰማም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ወለድ በጨመረ ቁጥር ስለ ቤት ዋጋ ትጽፋላችሁ። ስለ ቁጠባ ግን እምብዛም አላነበብኩም። እኔ የተጎዳሁት በዚያ በኩል ስለሆነ ነው የምጽፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ዜሮ አካባቢ የነበረው ወለድ በሐምሌ 2023 ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ደረሰ። ይህ ባንኮች ለአንድ ሌሊት እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ዋጋ ነው። ወደ እኛ ኪስ የሚደርሰው ግን በአንድ ፍጥነት አይደለም።

ክሬዲት ካርድ ቀድሞ ይሰማል። ወለዱ አብዛኛውን ጊዜ የማዕከላዊ ባንኩን ወለድ ተከትሎ ከሚወጣውና ከሚወርደው «ፕራይም ሬት» ጋር የታሰረ ነው። ፕራይም ሬት በዚያ ጊዜ ከ3.25 ወደ 8.50 በመቶ ወጣ። ካርዱ ላይ 5,000 ዶላር ያለበት ሰው በዓመት ወደ 260 ዶላር ተጨማሪ ወለድ ከፈለ ማለት ነው። ጭማሪው በአንድ ወይም በሁለት ወር ቢል ውስጥ ይመጣል፣ የድሮውንም ዕዳ ይነካል።

የቤት ብድር ሌላ ነው። በቋሚ ወለድ ለ30 ዓመት የፈረመ ሰው ምንም አይነካውም። አዲስ ገዢው ነው የሚመታው። 400,000 ዶላር በ3 በመቶ ሲበደሩት ወርሃዊ ክፍያው 1,686 ዶላር ነበር። በ7 በመቶ ግን 2,661 ዶላር ይሆናል፣ ታክስና ኢንሹራንስ ሳይጨመር። ወደ 975 ዶላር ልዩነት ነው። ያ ገንዘብ ከመኪና፣ ከልብስ፣ ለአገር ቤት ከሚላከው ላይ ይነሳል። ማዕከላዊ ባንኩም የሚፈልገው ወጪ እንዲቀንስና የዋጋ ንረቱ እንዲበርድ ነው። ግን በ3 በመቶ የተበደረው ጎረቤቴ ቤቱን ሸጦ በ7 በመቶ ሌላ መግዛት አልፈለገም። እንደሱ ያሉ ብዙ ስለነበሩ ለገበያ የቀረበው ቤት አነሰ፣ ዋጋውም ብዙዎች እንደጠበቁት አልወረደም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከዕቁብ ያገኘሁትንና ሌላ ያጠራቀምኩትን 20,000 ዶላር በአንድ ትልቅ ባንክ የቁጠባ ሂሳብ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ወለድ ጨምሯል ሲባል የእኔም አብሮ የጨመረ መስሎኝ አንድ ዓመት ዝም አልኩ። በኋላ ስቴትመንቱን ሳየው የሚከፈለኝ 0.01 በመቶ ነው። በዓመት 2 ዶላር! ቅርንጫፍ የሌላቸው የኦንላይን ባንኮች በዚያው ጊዜ ከ4 በመቶ በላይ ይከፍሉ ነበር፤ ለእኔ ከ800 ዶላር በላይ ማለት ነው። የመንግሥት የተቀማጭ ዋስትና እስከ 250,000 ዶላር ድረስ እዚያም ይሠራል። ባንኬ ሕግ አልጣሰም። ዝም ያለ ገንዘብ ስላለው ብዙ መክፈል አላስፈለገውም፣ የነገረኝም የለም።

የኦንላይኑም ወለድ ቋሚ አይደለም። ማዕከላዊ ባንኩ ሲቀንስ እሱም ይወርዳል።

እባካችሁ፣ ወለድ ተቀየረ የሚል ዜና ስታወጡ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትንም ከጎኑ አትሙልን። ወላጆቻችን ዜናውን የሚያነቡት በአማርኛ ነው፣ ስቴትመንታቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ