ቢሮን ከክላውድ ጋር ለማገናኘት ቪፒኤን ወይስ የግል መስመር? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ ቢሮን ከክላውድ ኔትወርክ ጋር ስለሚያገናኙ ሁለት መንገዶች ማብራሪያ ስለመስጠት

ባለፉት ወራት ከእናንተ ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ በተደጋጋሚ የቀረበልን «ቪፒኤኑ ቀርፋፋ ሆኖብናል፤ የግል መስመር እናስገባ ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው በስልክ በአንድ ቃል የሚመለስ ስላልሆነ፣ የምንመክረውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ልናቀርብላችሁ ወደድን። የግል መስመር በትክክል የሚያስወግዳቸው ችግሮች አሉ፤ ፈጽሞ የማይነካቸውም አሉ። የእናንተ ችግር ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይለካ ውል መፈረም እንደሌለበት አጥብቀን እናምናለን።

ቪፒኤን ስንል በቢሯችሁ ራውተር ወይም ፋየርዎል እና በክላውድ አቅራቢው መግቢያ መካከል፣ በተለመደው ኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋውን የተመሰጠረ ተነል ማለታችን ነው። ሁለቱ ወገኖች በጋራ ቁልፍ ወይም በሰርተፍኬት ከተዋወቁ በኋላ መረጃው ተቆራርጦ የሚላክበትን እያንዳንዱን ፓኬት እየመሰጠሩ ይለዋወጣሉ፤ ኢንተርኔቱና መሣሪያው ካሉ ሥራው በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። የግል መስመር ደግሞ የጋራውን ኢንተርኔት ሳይነካ ከቢሯችሁ እስከ አቅራቢው ኔትወርክ የሚደርስ ነው፤ አማዞን ዳይሬክት ኮኔክት፣ ማይክሮሶፍት ኤክስፕረስራውት፣ ጉግል ደግሞ ክላውድ ኢንተርኮኔክት በሚሉ ስሞች ያቀርቡታል። በስሙ አንድ መስመር ይምሰል እንጂ በተግባር ሦስት ቁራጭ ነው፤ በአቅራቢው በኩል ያለው ወደብ፣ በዳታ ሴንተሩ ውስጥ መሣሪያን ከመሣሪያ የሚያገናኘው ገመድ፣ እና ከዚያ ዳታ ሴንተር እስከ ቢሯችሁ ድረስ የቴሌኮም ድርጅት የሚያመጣው መስመር። ደንበኞች ዋጋ ሲጠይቁ ብዙውን ጊዜ የሚነገራቸው የመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ ሲሆን፣ ሳምንታትን አንዳንዴም ወራትን የሚወስደው ግን ሦስተኛው ነው።

ነገሩን በአንድ ደንበኛችን ቢሮ ባጋጠመን እናስረዳ። የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኞች የወሩን ሪፖርት ለመክፈት አዝራሩን ከተጫኑ በኋላ 17 ሰከንድ ያህል ይጠብቁ ነበር። ፕሮግራሙ በእነርሱ ኮምፒውተር ላይ፣ ዳታቤዙ ደግሞ ክላውድ ላይ ነው። ሁሉም ጥፋቱን በቪፒኤኑ ላይ ጥለው የግል መስመር ለማዘዝ ተዘጋጅተው ነበር። በተነሉ ውስጥ አንድ ፓኬት ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ስንለካ 42 ሚሊ ሰከንድ ሆነ፤ ይህ ብቻውን መጥፎ ቁጥር አይደለም። ፕሮግራሙ የሚልካቸውን ጥያቄዎች ስንቆጥር ግን አንዱን ሪፖርት ለመሙላት 400 ጥያቄዎችን፣ የአንዱን መልስ ሳያገኝ ሌላውን ሳይልክ፣ በተራ እንደሚጠይቅ አየን። 400 ጊዜ 42 ሚሊ ሰከንድ 16.8 ሰከንድ ይሆናል፤ የጠፋው ጊዜ በሙሉ እዚያ ነበር። የመስመሩ ሻጭ በግል መስመሩ የምልልሱ ጊዜ 36 ሚሊ ሰከንድ እንደሚሆን ገልጾላቸው ስለነበር፣ መስመሩን ቢገዙ ኖሮ ሪፖርቱ በ14.4 ሰከንድ ይከፈት ነበር ማለት ነው። ለዚህ ልዩነት ማንም አያመሰግንም።

ምክንያቱ ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ዳታ ሴንተር ለአንድ ምልልስ ቢያንስ 10 ሚሊ ሰከንድ ያስከፍላል፤ መስመሩ የግል መሆኑ ይህን አይቀንሰውም። የግል መስመር ከኢንተርኔቱ ያነሰ ጠመዝማዛ መንገድ ከያዘ ጥቂት ሊያተርፍ ይችላል፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም። ስለዚህ ፕሮግራሙን ዳታቤዙ ወዳለበት ክላውድ አዛውረን ሠራተኞቹ በሪሞት ዴስክቶፕ እንዲጠቀሙ አደረግን። የእያንዳንዱ ጥያቄ ምልልስ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ በመውረዱ የሪፖርቱ መጠበቂያ ከግማሽ ሰከንድ በታች ሆነ፤ ያው የድሮው ቪፒኤን እንዳለ ቀረ።

ያው ቢሮ ግን ሌላ ችግር ነበረበት፤ በዚህኛው የግል መስመሩን ራሳችን መከርን። በየሌሊቱ 400 ጊጋባይት የሥዕልና የፕላን ፋይል ወደ ክላውድ ይገለበጣል። ኢንተርኔታቸው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው፤ ይህ መስመር ምንም ሳይባክን ቢሞላ እንኳ ሥራው ወደ 9 ሰዓት ይፈጃል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተጀመረው ቅጂ በተግባር እስከ ረፋዱ እየዘለቀ የሠራተኞቹን ጥሪና ስብሰባ ያውክ ነበር። የመጠን ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ኢንተርኔቱን ማስፋት ይበቃ ነበር፤ ርካሹም መፍትሔ እርሱ ነው። ነገር ግን ቅጂውን ለሁለት ቀን አቁመን ብንለካም፣ ጠዋት ጠዋት ከመቶ 2 ፓኬቶች ከቢሮው ውጭ ባለው የጋራ መንገድ ላይ ይጠፉ ነበር። ከቢሮ ውጭ የሚጠፋን ፓኬት የቢሮን ኢንተርኔት በማስፋት መመለስ አይቻልም። በሰከንድ 1 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ የግል መስመር በስሌት ያንኑ ቅጂ በ53 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ከሌላው ሰው ትራፊክ ጋር ስለማይጋፋም የጠዋቱ ብክነት አይነካውም።

እነዚህን ሁለት ችግሮች ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክላውድ ላይ ያለ የአንድ ሰርቨራችሁን የውስጥ አድራሻ ይዛችሁ፣ አንዴ ጸጥ ባለ ሰዓት፣ አንዴ ሥራ በሚበዛበት፣ አንዴ ደግሞ ቅጂ በሚካሄድበት ጊዜ ይህን ትእዛዝ አሂዱ፤ 10 ደቂቃ ይፈጃል። በዊንዶውስ `-c` የሚለው በ`-n` ይተካል፤ አድራሻውም በእናንተው ይተካል።

```
ping -c 600 10.20.4.15
```

ከውጤቱ መጀመሪያ ዝቅተኛውን ጊዜ ተመልከቱ፤ ርቀቱን የሚነግራችሁ እርሱ ነው። ዝቅተኛው ራሱ ከፍ ያለ ከሆነ የግል መስመር ብዙ አይረዳችሁም፤ መታየት ያለበት ፕሮግራሙ የሚገኝበት ቦታ ነው። ዝቅተኛው ጥሩ ሆኖ አማካዩ ከእርሱ እጅግ ከራቀ፣ ወይም በሥራ ሰዓት ፓኬት የሚጠፋ ከሆነ፣ መንገዱ ላይ መጨናነቅ አለ። ያን ጊዜ ቅጂውን አቁማችሁ ድገሙት፤ ችግሩ ከጠፋ ያጨናነቀው የራሳችሁ ሥራ ነው፣ ካልጠፋ ግን ከእናንተ ውጭ ነውና ስለ ግል መስመር መነጋገር ተገቢ ይሆናል።

በዚህ አጋጣሚ በጣም የሚያሳስበንን አንድ የተሳሳተ እምነት ማንሳት እንወዳለን። «የግል» የሚለው ቃል «የተመሰጠረ» ማለት አይደለም። ቪፒኤን በባሕርዩ ይመሰጥራል፤ የግል መስመር ግን በተለየ ሁኔታ ካልታዘዘ በቀር መረጃውን እንዳለ ነው የሚያስተላልፈው፤ በመካከል ያሉት የቴሌኮም መሣሪያዎች በሙሉ ሊያዩት ይችላሉ። በአንዳንድ ወደቦች ላይ ማክሴክ የሚባለውን ምስጠራ ማዘዝ ይቻላል፤ ካልሆነም በዚያው በግል መስመሩ ላይ አይፒሴክ የሚባለውን የተመሰጠረ ተነል መዘርጋት ይቻላል። የታካሚ ወይም የክፍያ መረጃ የምታስተላልፉ ደንበኞቻችን ይህ በውሉ ላይ ሳይሰፍር መስመሩን እንዳትረከቡ አደራ እንላለን።

የግል መስመር የገባለት ቢሮ ቪፒኤኑን መንቀል የለበትም፤ ፋይበር የተቆረጠ ቀን የሚያድነው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱን አብሮ ማኖር የራሱ ወጥመድ አለው፤ እኛም ወድቀንበታል። ከላይ በጠቀስነው ቢሮ መስመሩ ከተተከለ በኋላ የሌሊቱ ቅጂ አሁንም እስከ ረፋዱ ይዘልቅ ነበር። ሻጩን ልንወቅስ ስልክ ካነሳን በኋላ የወደቡን ግራፍ ስንመለከት ከቢሮው የሚወጣው ትራፊክ ባዶ ሊባል የሚችል ነበር። ጥፋቱ የእኛው ነበር። የግል መስመሩ ለቢሮው ራውተር ያስተዋወቀው 10.20.0.0/16 የሚለውን ሰፊ አድራሻ ሲሆን፣ አሮጌው ተነል ግን 10.20.4.0/24 የሚለውን ጠባብ አድራሻ ያስተዋውቅ ነበር። ራውተር ሁልጊዜ ይበልጥ ጠባብ የሆነውን አድራሻ ስለሚመርጥ ቅጂው በሙሉ በተነሉ ይሄድ ነበር፤ በአዲሱ መስመር ይመለስ የነበረው «ደርሶኛል» የሚለው ትንሽ መልስ ብቻ ነው። በሁለቱም መንገዶች አንድ ዓይነት አድራሻ እንዲተዋወቅ አድርገን፣ ለግል መስመሩ በራውተሩ ላይ ቅድሚያ ስንሰጠው በዚያው ሌሊት ተስተካከለ። እንዲህ በሄዱበት የማይመለሱ ፓኬቶችን አንዳንድ ፋየርዎሎች ጨርሶ ስለሚጥሉ፣ የሌላ ቢሮ ችግር ከዝግታ አልፎ ወደ መቋረጥ ሊደርስ ይችላል።

መስመሩ ሲቆረጥ ወደ ቪፒኤን የሚደረገው ሽግግርም ሳይሞከር መታመን የለበትም። የቢሯችሁ ወደብ ራሱ ከጠፋ ራውተሩ ወዲያው ያውቃል። ብልሽቱ በመካከል ባለ መሣሪያ ላይ ከሆነ ግን የእናንተ ወደብ እንደበራ ይቆያል፤ ራውተሮች አድራሻ የሚያስተዋውቁበት ቢጂፒ የሚባለው አሠራር መስመሩ መሞቱን እስኪያምን በአማዞን የተለመደ አሠራር 90 ሰከንድ ይጠብቃል። የመስመርን መሞት ቶሎ የሚያውቀው ቢኤፍዲ የሚባለው አሠራር በሁለቱም ወገን ከተከፈተ ይህ ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል። ሌላው፣ ምስጠራው ከእያንዳንዱ ፓኬት ቦታ ስለሚወስድ በተነሉ የሚያልፈው ፓኬት በመስመሩ ከሚያልፈው ያነሰ መሆን አለበት። ከሽግግሩ በኋላ ፒንግ እየሠራ ትልልቅ ፋይሎች ከተንጠለጠሉ ምክንያቱ ይኸው ነውና፣ በተነሉ ላይ አንድ ፓኬት የሚሸከመውን መረጃ የሚገድበው የቲሲፒ ኤምኤስኤስ መጠን 1350 ባይት እንዲሆን እናደርጋለን። ኢንተርኔቱና የግል መስመሩ በአንድ ቱቦ ወደ ሕንፃው የሚገቡ ከሆነ ደግሞ አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል፤ ይህን ከመፈረማችሁ በፊት የቴሌኮም ድርጅቱን ጠይቁ።

ከላይ የተገለጸውን የፒንግ ልኬት ሦስቱን ውጤቶች፣ በሌሊት የምትገለብጡትን የፋይል መጠን እና የመስመር ሻጩ የሰጣችሁን የዋጋ ማቅረቢያ ብትልኩልን፣ ከመፈረማችሁ በፊት አብረን እንመለከተዋለን። መስመሩ ለገባላችሁ ደንበኞች ደግሞ ሥራ በሌለበት ቀን ገመዱን ነቅለን ሽግግሩን በእናንተ ፊት የምንፈትሽበትን ጊዜ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የኔትወርክ አገልግሎት ክፍል