«የመንግሥት ትምህርት ቤት፦ 0 ብር» ብላችሁ ላወጣችሁት ሰንጠረዥ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ልጅን የግል ትምህርት ቤት ማስተማር ያዋጣል አያዋጣም ብላችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ ደብረ ማርቆስም አንብበነዋል። ጋዜጣው እዚህ የሚደርሰው ዘግይቶ ቢሆንም ይደርሳል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከነሐሴ እስከ መስከረም መኪናዬ ላይ የሚውለው የተማሪ ዩኒፎርም ስለሆነ፣ ዘገባውን ሱቄ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነብ የሰሙት ወላጆች ናቸው። ሰንጠረዡ ላይ ስደርስ የሳቁትም እነሱ ናቸው።

ሰንጠረዡ በአንድ በኩል «የግል፦ 1,200 ብር በ10 ወር፣ ድምር 12,000 ብር» ይላል። በሌላው በኩል ደግሞ «የመንግሥት፦ 0 ብር» ይላል። ልዩነቱ 12,000 ሆነና ዘገባው በዚያ ላይ ምክሩን ገነባ። ዘጋቢያችሁ ዜሮዋን ከየት እንዳመጧት ይገባኛል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በነጻ ነው ይል ነበር። ፖሊሲው ግን ዩኒፎርም አይሰፋም፤ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ በነጻ አልሰፋም።

የራሴን ቤት ልንገራችሁ። ትልቁ ልጄ 7ኛ ክፍል ነው፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራል። ተከታይዋ 4ኛ ክፍል ናት፣ የግል ነው የምትማረው። ስለዚህ ሁለቱንም ሰንጠረዥ በየዓመቱ የምሞላው እኔው ነኝ። የልጁን ዩኒፎርም ደንበኞቼን በማስከፍለው ዋጋ ስቆጥረው 1,300 ብር ነው። ደብተርና እስክሪብቶ 900 ሄደ። ለጥበቃውና ለጽዳቱ ተብሎ ወላጅ የሚያዋጣው 500 ነው፤ «በፈቃደኝነት» ይባላል፣ ያልከፈለ ወላጅ ግን ልጁ ሲመዘገብ ፈቃደኛ ይሆናል። መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ስለሚደርስ ዋና ዋናውን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት 600 ብር አወጣን። ከሁሉ የከበደው አስጠኚው ነው። ክፍሉ በጣም የተጨናነቀ ስለሆነ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያግዘው ሰው በወር 500 ብር እንከፍላለን፣ በዘጠኝ ወር 4,500 ይሆናል። ሲደመር 7,800 ብር ነው የእናንተ ዜሮ።

የልጅቷ ደግሞ በ12,000 አያበቃም። መመዝገቢያ 1,000፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ አሳትሞ የሚሸጠው መጽሐፍ 1,600፣ ደብተር 800 ብር። ዩኒፎርሙና የስፖርት ልብሱ 2,600 ብር ነው፣ ያውም ከትምህርት ቤቱ ብቻ ነው የሚገዛው። ጨርቁን በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ ለመንግሥት ተማሪ የምሰፋው ያው ጨርቅ ነው፣ ልዩነቱ ደረቱ ላይ የተለጠፈችው ዓርማ ናት። «ዓርማዋን ስጡኝና እኔው ልስፋው» ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ጥራት ለመጠበቅ ሲባል አይቻልም አሉኝ። ይኸው ልብስ ሰፊው ልጁን ለማልበስ ልብስ ይገዛል! ሁሉም ሲደመር 18,000 ይሆናል። በባጃጅ የምትመላለስ ቢሆን ደግሞ በወር 600 ብር ይጨመርና 24,000 ይገባል፤ ዘገባችሁ የጻፈው በትክክል እጥፍ ማለት ነው።

አሁን ሁለቱን አስተያዩልኝ። ልጅቷ በእግሯ ከሄደች ልዩነቱ 10,200 ነው፣ ከጻፋችሁት ያነሰ። ባጃጅ ከያዘች 16,200 ነው፣ ከጻፋችሁት በብዙ የበለጠ። ወላጅን የሚያስወስነው እንግዲህ የወሩ ክፍያ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ከቤት ምን ያህል ይርቃል? የመንግሥቱን ብመርጥ አስጠኚ ያስፈልገዋል ወይ? እነዚህ ሁለቱ ናቸው ሒሳቡን የሚገለብጡት። ቤት ውስጥ የሚያስጠና ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለ የመንግሥቱ ወጪ ወደ 3,300 ብር ይወርዳል። የግሉ ገብቶም አስጠኚ የሚቀጠርለት ልጅ ደግሞ ሞልቷል፤ ያ ወላጅ ሁለት ጊዜ እየከፈለ ነው።

ጥራቱን በተመለከተ ዘገባው «የግል ይሻላል» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የወደቁት ሁሉ የመንግሥት ተማሪዎች ነበሩ እንዴ? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከመመዝገቤ በፊት እዚያው የሚማር የጎረቤት ልጅ ደብተር እጠይቃለሁ። የሒሳብ ደብተሩን ከጥቅምት ጀምሬ እያገላበጥኩ የታረመበትን ቀይ እስክሪብቶ እፈልጋለሁ። በአንዱ ደብተር ላይ እስከ ታኅሣሥ በየገጹ እርማት አለ፣ ከጥር በኋላ አንድም ምልክት የለም። ልጁን ስጠይቀው መምህሩ በዓመቱ አጋማሽ ለቆ፣ ተተኪ እስኪመጣ ሌላ ክፍል የሚያስተምረው እየመጣ «አንብቡ» ይላቸው ነበር። ክፍያው ግን በየወሩ ተከፍሏል። ይህን ማየት ሰንጠረዥ አይፈልግም፣ አንድ ደብተር ይበቃል።

ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። ዘገባችሁ «ወላጆች ከደመወዛቸው በየወሩ 1,000 ብር ቆርጠው ቢያስቀምጡ የዓመቱን ክፍያ ያለ ችግር ይሸፍናሉ» ይላል። የማን ደመወዝ? ጎጃም ውስጥ ልጁን የሚያስተምረው ሁሉ በወር መጨረሻ ባንክ የሚሰለፍ መሰላችሁ? የኔ ገቢ የሚመጣው በዩኒፎርም ወቅት፣ በጥር ሠርግና በፋሲካ ነው። ሰኔና ሐምሌ መኪናዬን ዘይት ስቀባ ነው የምውለው። እነማይ ላይ በእኩል የሚታረስ መሬት ስላለን የጤፉ ድርሻ ጥር ላይ ይደርሰናል። ገበሬውም፣ እህል ነጋዴውም፣ ጠላ ጠማቂዋም እንዲሁ በወቅት የሚያገኙ ናቸው። እኛን ዘገባው ጭራሽ አያውቀንም።

ትምህርት ቤቱም ቢሆን ገንዘቡን በ12 ወር እኩል አካፍሎ አይጠይቅም። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መመዝገቢያ፣ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ይፈልጋል፤ የኛው ደግሞ የመስከረምንና የጥቅምትን ክፍያ አንድ ላይ ይቀበላል። 8,400 ብር ይመጣል፣ ከዓመቱ 18,000 ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ያውም እንቁጣጣሽና መስቀል ባሉበት፣ ጎተራው በጎደለበት ወቅት። በእናንተ ምክር መስከረም ላይ መቆጠብ የጀመረ ወላጅ በዚያ ወር እጁ ላይ 1,000 ብር አለው። 8,400ን ለማግኘት ከጥር ጀምሮ መቆጠብ ነበረበት፣ ይህን ግን አልጻፋችሁም።

እኛ ቤት እንዲህ ነው የምናደርገው። ጤፉ ሲገባ ሁሉም ሰው ስለሚሸጥ ጥር ላይ ዋጋው ይወርዳል፤ ነሐሴ ላይ ይወደዳል። ስለዚህ አንድ ኩንታል «የትምህርት ቤት» ብለን ለይተን ከሳሎን ጥግ በርብራብ ላይ እናስቀምጣለን፣ ባለቤቴም ለእንጀራ አትነካውም። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ስለዚህ ከእርጥበትና ከአይጥ ከተጠበቀ ክረምቱን ይሻገራል። በቆሎ ያለው ግን እንዲህ እንዳይሞክር፣ ሐምሌ ላይ ጆንያውን ሲፈታ ዱቄትና ነቀዝ ነው የሚያገኘው። ጤፉ ነሐሴ ላይ ተሸጦ የመስከረሙን ወጪ ይሸፍናል። የቀረውን ዓመት የጥር ሠርግና የፋሲካ ስፌት ይዞታል፤ ጥር ላይ ገንዘብ እጄ ሲገባ እስከ ሚያዝያ ያለውን በአንድ ጊዜ ከፍዬ ደረሰኝ እቀበላለሁ። ጤፍ የሌለው ሰው ደግሞ እቁብ ይግባና ዕጣውን ነሐሴ እንዲያደርጉለት ዳኛውን በጊዜ ያነጋግር። ሰው ለልጅ ትምህርት ነው ሲባል ተራውን ይለቃል፣ በመጨረሻው ሳምንት ሲጠየቅ ግን አይለቅም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ የዓመት ጭማሪው። ሰንጠረዣችሁ 1,200 ብር ለዘላለም የሚቆም አስመስሎታል። የልጄ ትምህርት ቤት ባለፉት ዓመታት ከሞላ ጎደል አንድ አምስተኛ እየጨመረ ነው የመጣው። በዚሁ ከቀጠለ 1,200 በ5ኛ ክፍል 1,440፣ በ6ኛ 1,728፣ በ7ኛ 2,074፣ በ8ኛ 2,488 ይሆናል። ልጅቷ ክልላዊ ፈተና ስትወስድ ወርሃዊው ክፍያ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ይጠብቀኛል። የኔ የስፌት ዋጋ በዚያ ፍጥነት አልጨመረም፣ ደንበኛ አይቀበለኝም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ለማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፣ በ4ኛ ክፍል ደስ ብሎት የሚያስገባ ወላጅ በ7ኛ ሲያስወጣ ነው የሚከብደው። ውዝፍ ካለበት ደግሞ ካርዱም መሸኛውም ተይዞ ይቀመጣል፣ ያለ መሸኛ የመንግሥቱም ትምህርት ቤት አይቀበለውም።

ለዚህ ነው ሲመዘገቡ የዘንድሮውን ሳይሆን የ8ኛ ክፍሉን ክፍያ አስልቶ «እችለዋለሁ ወይ?» ማለት የሚገባው። ካልተቻለ ከ6ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ማዛወር በመሐል ከማቋረጥ ይሻላል። ሌላም ጥያቄ አብሮ ይጠየቅ፦ ትምህርት ሲቋረጥ ትከፍሉናላችሁ ወይስ እንከፍላችኋለን? ይህን አዲስ አበባ ላላችሁት መጻፍ ያስቸግረኛል። እኛ ዘንድ ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በጸጥታው ምክንያት ትምህርት የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። አንድ የግል ትምህርት ቤት በሩ ተዘግቶ ለቆየባቸው ወራት ግማሽ ክፍያ ጠይቆናል፤ መምህራኑን እንዳላጣ ነው ብሎ። ምክንያቱ ሐሰት አይደለም፣ ግን ቀድሞ በጽሑፍ ስላልተስማማን ወላጁ ግማሹ ከፍሎ ግማሹ ተኳርፎ ቀረ።

ሰንጠረዡን ስታርሙ ዜሮዋን አንስታችሁ ለደብተር፣ ለዩኒፎርም፣ ለመዋጮና ለአስጠኚ አራት መስመር ጨምሩ፤ ከ12ቱ ወራት ጎን ደግሞ ገንዘቡ የሚጠየቅበትን ወር ጻፉ። ሦስተኛው ልጄ በሚቀጥለው ዓመት 1ኛ ክፍል ይገባል። የመንግሥት አስገባዋለሁ፤ ሰፈራችን ውስጥ ስለሆነ በእግሩ ይሄዳል፣ የሚያስጠናው ደግሞ የ7ኛ ክፍሉ ወንድሙ ነው።

አንባቢያችሁ፣
ልብስ ሰፊ፣ ከደብረ ማርቆስ