ለባሻ ሱቅ ደንበኞችና ወዳጆች፦ ከቤተሰባችን የቀረበ ምስጋና

ደብረ ብርሃን ያለው ሱቃችን ስሙን ወደ "ሙቀት" ከቀየረ እነሆ አንድ ዓመት ሞላው። ባለፈው ኅዳርና ታኅሣሥ እኛ በሩን ከፍተን እየዋልን "ባሻ ሱቅ ተዘጋ" የሚለው ወሬ ከመናኸሪያው እስከ መሐል ሜዳ ደርሶ ነበር። ያንን ወሬ ለማጥፋት የደከማችሁልንን ሁሉ አንድ በአንድ ቤታችሁ ድረስ መጥቼ ባመሰግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ስላልቻልኩ በአባባና በእህቶቼ ስም ይህን እጽፋለሁ።

ለማታውቁን፦ ባሻ የሚባሉት አያታችን ናቸው። ባና፣ በርኖስ፣ ዝተትና ጋቢ መሸጥ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ንግድ ፈቃዱ በአባባ ስም ወጣ፤ በታፔላውም ላይ የተጻፈው የአባባ ሙሉ ስም ነበር። ነገር ግን ከመንዝ የሚመጣ አንድም ሰው በዚያ ስም ጠርቶን አያውቅም። ለሁሉም "ባሻ ሱቅ" ነበርን። ይህን ልዩነት ቀድመን አስበንበት ቢሆን ኖሮ ብዙ ድካም በቀረልን።

ስም ወደ መቀየር ያደረሰን የወጣት ገበያ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ከቆላ የሚመጡ ተማሪዎች ስስ ጃኬት ለብሰው በበራችን ያልፋሉ፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ሆኖም አይገቡም። አንዷን ጠርቼ ስጠይቃት "የአዛውንት ልብስ ብቻ የምትሸጡ መስሎኝ ነው" አለችኝ። ታናሽ እህቴና እኔ ያንኑ ሳምንት አባባን መወትወት ጀመርን። አባባም "የአባቴን ስም ከበር ላይ ልታወርዱ ነው?" አሉን። በጽሑፍ ያለው "ባሻ" የሚለው የአያቴ መጠሪያ እንዳልሆነ፣ የሳቸው የራሳቸው ሙሉ ስም እንደሆነ ብንነግራቸውም ልባቸው አልተቀበለውም። እውነታቸውን ነበር።

የመጀመሪያው ስህተታችን መቸኮል ነው። ጳጉሜን ላይ የፈረንጅ ስም መርጠን ታፔላ አሠራን፤ ከዚያ በኋላ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድን። የመረጥነው ስም በሌላ ነጋዴ ተመዝግቦ ተገኘ። ስሙ ተጣርቶና ተመዝግቦ ሳያልቅ ታፔላ አይጻፍም፤ እኛ ግን ገልብጠን ሠራን፤ ገንዘቡም ባከነ። ያን ቀን ያስተናገደችንን የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ ከልብ እናመሰግናለን። የንግድ ስምና የነጋዴው የራሱ ስም የተለያዩ መሆናቸውን፣ ፈቃዱ በአባባ ስም እንደሚቀጥል፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም እንደማይለወጥ ጊዜ ወስዳ አስረዳችን። አባባ እፎይ ያሉት ያኔ ነው። "ሙቀት" የሚለውን ስምም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው ስህተት የከፋ ነበር። አዲሱን ታፔላ ስንሰቅል አረንጓዴውን የእንጨት በር ነጭ ቀባነው። ከበሩ አናት ላይ ሁልጊዜ ተንጠልጥሎ የሚውለውን ጥቁር በርኖስም ወደ ውስጥ አስገባነው። ሱቁ አማረ፤ ተማሪዎችም መግባት ጀመሩ። በኅዳር መጨረሻ ግን እህቴ የዱቤ መዝገቡን ስታገላብጥ ዝም አለች። እህል ተወቅቶ ገንዘብ እጅ ሲገባ መጥተው የቆየ ዕዳቸውን የሚዘጉ፣ አዲስ ባናም የሚወስዱ 31 ደንበኞች ነበሩን። እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ የመጡት 12 ብቻ ናቸው። በዕለት ሽያጭ ብቻ ብንመዝነው ምንም አይታወቀንም ነበር፤ የተማሪው ገንዘብ ጉድለቱን ሸፍኖታልና። የነገረን መዝገቡ ነው።

አባባ በገበያ ቀን መናኸሪያው ደጃፍ ቆመው ዋሉ። አንዲት እናት ከአውቶቡስ ወርደው "ባሻ ሱቅ ወዴት ነው?" ሲሉ ሻንጣ የሚያወርደው ልጅ "እሱማ ተዘግቷል፣ ሌላ ሰው ገዝቶታል" ሲል በጆሯቸው ሰሙ። ልጁ አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። እኒያ እናት ፊደል አይቆጥሩም። ለሳቸው የሱቁ ስም አረንጓዴው በርና የተሰቀለው በርኖስ ነበር። ሁለቱንም እኛው አጥፍተናቸዋል።

በማግስቱ በሩን መልሰን አረንጓዴ ቀባን፤ በርኖሱንም ሰቀልን። ከ"ሙቀት" ሥር "የባሻ ሱቅ" ብለን በደማቁ አስጻፍን፤ እሱም ቢሆን የተጻፈው ጽሕፈት ቤቱ ካወቀው በኋላ ነው። ያልመጡትን 19 ሰዎች አባባ በስልክም፣ ስልክ የሌላቸውንም በጎረቤት መልእክት አንድ በአንድ ጠሯቸው። "ዕዳ ልጠይቅ አይደለም፣ አለን ለማለት ነው" ነበር የሚሏቸው። እስከ ፋሲካ 16ቱ ተመለሱ። ሁለቱ ዐርፈው ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ለቅሶ ሳንደርስ በመቅረታችን እናዝናለን። አንዱ ቅር ብሏቸው ቀርተዋል፤ እሳቸውንም ይቅርታ እንጠይቃለን።

የመናኸሪያ ልጆች፣ ውለታችሁ አይረሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሲጠይቃችሁ "ባሻ ሱቅ አለ፣ አረንጓዴው በር" እያላችሁ እስከ ደጃችን አድርሳችኋል። ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞቻችንም እንዲሁ። በዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥተው "የባሻ ልጆች ሱቁን አልሸጡም" ብለው የተናገሩልን አባት፣ እድሜዎን ያርዝምልን።

ሸማኔያችን ጋሼ፣ ለእርስዎ የተለየ ምስጋና አለን። ወጣቱ ስሙን አይቶ ገባ፤ ግን ባናውን አንሥቶ "ይከብዳል፣ ዶርም ውስጥ እንዴት አጥበዋለሁ?" እያለ ባዶ እጁን ይወጣ ነበር። እርስዎ ከዚያው ከመንዝ በግ ጸጉር፣ ክሩን እናቶች አቅጥነው እንዲፈትሉት አድርገው፣ ጠባብና ቀላል ሻርፕ ሠሩልን። ስሙ ያስገባውን ሰው ያስቀረው ይህ ሥራ ነው። ለፈታዮቹ እናቶችም፣ ቀጭን ክር ጊዜ እንደሚፈጅ እናውቃለን፤ ሒሳቡ ላይ የጨመርነው ለዚያ ነው።

ተማሪዎችም ብዙ አስተማራችሁን። ዋጋ መጠየቅ እንደምታፍሩ ስትነግሩን በየዕቃው ላይ ዋጋ ለጠፍን። አዛውንቶቹ ግን ሳይከራከሩ መግዛት ንግድ አይመስላቸውም፤ ለእነሱ ክርክሩም ዱቤውም እንደ ድሮው ነው፤ ተማሪዎቹም ይህን አይታችሁ አልተቀየማችሁንም። በስልክ ስትከፍሉ "ሙቀት" ሳይሆን የሰው ስም ሲወጣባችሁ ተጭበረበርን ብላችሁ የደነገጣችሁም ነበራችሁ። ሒሳቡ በአባባ ስም ስለሆነ ነው። ስማቸውን ጽፈን ገንዘብ መቀበያው ጎን እንድንለጥፍ የመከረችን ተማሪ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አልደነገጠም።

አባባ አሁን ከሰዓት ከሰዓት በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። አሮጌውን ታፔላ አልጣልነውም፤ ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ አለ።

በመጨረሻ፦ ለበርኖስ ወይም ለባና ቀብድ ከፍላችሁ በአሮጌው ስም የታተመ ደረሰኝ የያዛችሁ ደንበኞች፣ ደረሰኙ ይሠራል። ይዛችሁ ኑ፤ ዕቃችሁ ተቀምጧል።